በግርጌ ማስታወሻ የአዋጅ ዓመት እንዴት እንዳስተካከልኩ

ድሬዳዋ ስለ ከተማችን ፍርድ ቤቶች ሥልጣን የሕግ ድርሰት ስጽፍ ግማሹን ምንጭ ከአማርኛ፣ ግማሹን ከእንግሊዝኛ ጽሑፎች ሰበሰብኩ። የከተማዋ ቻርተር አንድ ቦታ አዋጅ ቁጥር 416/1996፣ ሌላ ቦታ 416/2004 ሆኖ መጣ። ሕጉ ግን አንድ ነው።

ዓመቱን በስሌት መቀየር አያዋጣም። የቀድሞው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅም 377/1996 ነው፤ እንግሊዝኛው ግን 377/2003 ይላል። አንድ 1996፣ ሁለት የፈረንጅ ዓመት! ስለዚህ ከነጋሪት ጋዜጣው የአማርኛ ዓምድ ላይ ያለውን ቁጥር እንዳለ ገለበጥኩ፤ ለአማርኛ ድርሰት የሚስማማውም እሱ ነው። በሁለቱ ዓምዶች መካከል ልዩነት ከመጣም ገዥው አማርኛው ነው።

ከዚያ ሁሉንም በአንድ ቅደም ተከተል አሰለፍኩ፤ የሕጉ ስም፣ ቁጥር፣ አንቀጽ፣ ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ፣ የጋዜጣው ዓመትና ቁጥር። ለቻርተሩ «10ኛ ዓመት» የሚለው የጋዜጣው የኅትመት ዘመን ነው፤ ከ1996 ጋር እንዳይምታታ። ደንብም በዚሁ መልክ ይሄዳል፣ «አዋጅ» በሚለው ፈንታ «ደንብ» ብቻ ይገባል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠቀስ «አዋጅ 416/1996፣ አንቀጽ እገሌ» ይበቃል።