ቀለም መለየት የሚቸግራቸው ተጫዋቾች እንዲጫወቱት ጌም ስናዘጋጅ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ደሴ ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ለስልክ የሚሆን ቀላል ጌም ሠርተን ነበር። ጨዋታው በቆቦ ሜዳ በመስኖ ከሚለማ ማሳ ላይ ቲማቲም መልቀም ነው። ተጫዋቹ የበሰለውን ቀይ ቲማቲም ሲነካ ወደ ሣጥን ይገባል፤ ያልበሰለውን አረንጓዴ ከነካ ግን ነጥብ ይቀነስበታል። ሥራው እንዳለቀ ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠነው። ዕድሜው 12 ነው፤ እጁ ፈጣን በመሆኑ ይበልጠናል ብለን ጠብቀን ነበር፤ እሱ ግን ከመጀመሪያው ዙር ማለፍ አቃተው። በመጀመሪያ የቸኮለ መስሎኝ ቀስ እንዲል ነገርኩት። ጥቂት ከሞከረ በኋላ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ «ጋሼ፣ የበሰለው የትኛው ነው? ሁሉም እኮ አንድ ናቸው» አለኝ። እናቱ ይህን ስትሰማ ወንድሟም ከልጅነቱ ጀምሮ ገበያ ተልኮ የበሰለ ቲማቲም መርጦ መምጣት እንደማይችል አስታወሰች።

የእናቱ ወንድም መጠቀሱ በአጋጣሚ አይደለም። ቀይና አረንጓዴን የሚያምታታው የቀለም መለየት ችግር፣ በተለምዶ ከለር ብላይንድ የምንለው፣ በኤክስ ክሮሞዞም የሚወረስ በመሆኑ በእናት በኩል ይተላለፋል፤ የሚታየውም በአብዛኛው በወንዶች ላይ ነው። ቀለም ከሚለዩት ሦስት ዓይነት የዓይን ሴሎች አንዱ ሲጎድል፣ ወይም ለብርሃን ያለው ምላሽ ወደ ሌላው ሲጠጋ የሚፈጠር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ዓለምን በጥቁርና በነጭ አያያትም። ሰማያዊን ከቢጫ፣ ደማቁን ከፈዛዛው በሚገባ ይለያል። የእኛ ጌም ግን ከዚህ ሁሉ በአንዱም አልተጠቀመም ነበር።

የመጀመሪያው ስህተት፦ ቀለምን በስሙ መምረጥ

ቀይና አረንጓዴ በስም እጅግ የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ማንም የሚያምታታቸው አልመሰለንም ነበር። መለካት የነበረብን ግን የሁለቱን የድምቀት ልዩነት ነበር፤ ለዚህም የታወቀ ስሌት አለ።

```
(L1 + 0.05) / (L2 + 0.05)
```

እዚህ ላይ L የቀለሙ ድምቀት ነው፤ ጥቁር 0፣ ነጭ ደግሞ 1 ነው። ከላይ የሚቀመጠው የደማቁ ቀለም ነው። ቁጥሮቹን የሚያወጡ ነፃ መሣሪያዎች ኢንተርኔት ላይ ስለሚገኙ በእጅ ማስላት አያስፈልግም። የበሰለው ቲማቲማችን ቀለም `#D32F2F` ነበር፤ ድምቀቱ 0.161 ገደማ ነው። ያልበሰለው `#388E3C` ሲሆን ድምቀቱ 0.205 ገደማ ነው። ሲካፈሉ 1.21 ይመጣል። የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የሆነው WCAG አንድን ምስል ለመረዳት አስፈላጊ ለሆኑ ክፍሎች ቢያንስ 3 ለ1 ይጠይቃል። በሌላ አነጋገር፣ የቀለሙ ዓይነት ሲወሰድበት ለዚያ ልጅ የቀረለት ልዩነት ከምንም የማይቆጠር ነበር።

ይህን ስናይ ያልበሰለውን ቲማቲም ነጣ ወዳለ አረንጓዴ፣ ወደ `#C5E1A5` ለወጥነው። ማሳ ላይ ያለው ጥሬ ቲማቲምም ብዙ ጊዜ ነጣ ያለ ስለሆነ ለውጡ ለዓይን እንግዳ አልሆነም። የዚህ ቀለም ድምቀት 0.684 ገደማ በመሆኑ ከቀዩ ጋር ያለው ልዩነት ወደ 3.48 ከፍ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ያላሰብነው ነገር ብቅ አለ፤ ቅጠሉንም የቀባነው በዚያው በ`#388E3C` ነበርና፣ የበሰለው ቲማቲም አሁንም ከኋላው ካለው ቅጠል አይለይም። በእያንዳንዱ ቲማቲም ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ስናደርግ ነው ይህ የተፈታው፤ ነጩ ከቀዩም ከቅጠሉም ከ4 በላይ ይርቃል። ሁለቱን ነገሮች እርስ በእርስ ብቻ አስተያይቶ የበስተጀርባውን ቀለም መርሳት በብዙ ጌሞች ላይ የማየው ጉድለት ነው።

ስሌቱ የተመሠረተው በተለመደው ዓይን ላይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ለምሳሌ ንጹሕ ቀይ በጥቁር ላይ ሲቀመጥ ስሌቱ 5.25 ይሰጣል፤ በወረቀት ላይ ማለፊያ ውጤት ነው። ረጅሙን የብርሃን ሞገድ የሚቀበለው ሴል ለጎደለበት ሰው ግን ቀይ ራሱ ይጨልማል፤ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ «ሕይወትህ ሊያልቅ ነው» የሚለውን ቀይ ማስጠንቀቂያ ላያየው ይችላል። ማስጠንቀቂያን በጥቁር ላይ በቢጫ ወይም ፈካ ባለ ብርቱካናማ መጻፍ ይህን ያስቀራል።

ሁለተኛው ስህተት፦ ትርጉሙን ሁሉ ለቀለም ብቻ መስጠት

ቀለም ከተስተካከለ በኋላም ቢሆን ሁለተኛ ምልክት ያስፈልጋል። አማንግ አስ በተባለው ጌም ውስጥ ሽቦዎችን የማገናኘቱ ሥራ መጀመሪያ በቀለም ብቻ የሚለይ ነበር፤ አዘጋጆቹ በኋላ በየሽቦው ጫፍ ላይ ምልክት ጨመሩበት። እኛም ያልበሰለው ቲማቲም ላይ አምስት ጫፍ ያለው የቅጠል ቆብ አደረግን፤ የበሰለውን ቆብ አልባና ክብ አድርገን ተውነው። የመጀመሪያው ሥዕላችን ግን አልሠራም፤ ኮምፒውተር ላይ አጉልተን ስንሥለው ቆቡ ያምር ነበር፣ ስልክ ላይ ሲያንስ ግን ነጥብ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቆቡ የቲማቲሙን ሲሶ እስኪይዝ ድረስ ማሳደግ ነበረብን። ምልክት የሚመዘነው ተጫዋቹ በሚያየው መጠን፣ እየተንቀሳቀሰ እያለ ነው።

በፒያሳ ካሉት ፕሌይስቴሽን ቤቶች በአንዱ ሁለት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ የተመለከትኩትም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው። አንዱ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ መለያ መርጠዋል፤ ሜዳውም አረንጓዴ ነው። አንደኛው ኳሱን ደጋግሞ ለተጋጣሚው ያቀብላል፤ ጓደኞቹም ይስቁበታል። እንዲህ ሲያጋጥም ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት አንዱ ቡድን ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ነጭ ወይም ቢጫ መለያ እንዲይዝ መምረጥ፣ ከተጫዋቾቹ በላይ ስም ወይም ቀስት የሚያሳየውን ሴቲንግም ማብራት በቂ ነው።

መመሪያ ላይም ያው ነው፤ «ቀዩን ንካ» ከማለት «ቆብ የሌለውን ቀይ ንካ» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው ስህተት፦ ሁሉንም ነገር ለፊልተር መተው

ብዙ አዘጋጆች ሴቲንግ ውስጥ ቀለምን እንደ ችግሩ ዓይነት የሚቀይሩ፣ «Deuteranopia»፣ «Protanopia»፣ «Tritanopia» የሚባሉ ሦስት ፊልተሮችን አስቀምጠው ሥራው እንዳለቀ ይቆጥሩታል። በመጀመሪያ፣ አብዛኛው ተጫዋች የራሱን ዓይነት በእነዚህ ስሞች አያውቀውም፤ የጎረቤታችን ልጅ ጭራሽ ችግር እንዳለበትም አያውቅም ነበር። ስለዚህ ከስሞቹ ጎን ከራሱ ከጌሙ የተወሰደ ናሙና፣ ለምሳሌ ሁለቱ ቲማቲሞች ከቅጠል ፊት ተቀምጠው ቢታዩ፣ ልጁ ስም ሳያነብ በዓይኑ ይመርጣል።

ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ፣ ፊልተሩ በመላው ስክሪን ላይ የሚዘረጋ ከሆነ ቀይና አረንጓዴን ለማራራቅ ሲል ሌሎቹን ቀለሞች ይገፋቸዋል። እኛ የሞከርነው ፊልተር ቲማቲሞቹን አራርቆ፣ ሰማይና የሣጥኑን ሐምራዊ ጠርዝ ግን አቀራረበብን። ትርጉም ያላቸውን ነገሮች ብቻ የሚቀይር ሴቲንግ፣ ከተቻለም ተጫዋቹ ራሱ የወዳጅንና የጠላትን ቀለም የሚመርጥበት፣ ከዚህ የተሻለ ነው። ጌም ለመግዛት ወይም ለማውረድ የሚያስብ ሰውም ይህን ልዩነት ማየት ይኖርበታል፤ ፊልተሩ ሲበራ ፊትና ሰማይ ሳይቀር ከተለወጠ ሙሉ ስክሪን ላይ የተዘረጋ ነው፣ የተጫዋቾቹ ምልክት ብቻ ከተለወጠ ግን ታስቦበት የተሠራ ነው።

አራተኛው ስህተት፦ ማረሚያውን እንደ መመልከቻ መውሰድ

ይህኛው እኛንም ሁለት ቀን አባክኖብናል። አንድሮይድ ስልክ ላይ በተደራሽነት ሴቲንግ ውስጥ `Color correction` የሚል አለ፤ ሥራው ቀለሞችን ለከለር ብላይንድ ሰው አራርቆ ማረም ነው። እኛ ግን እሱን አብርተን «ልጁ የሚያየው እንዲህ ነው» እያልን ጌሙን ስንገመግም ነበር። ሌላው ሰው የሚያየውን በግርድፉ የሚያሳየው `Simulate color space` ነው፤ እሱን ለማግኘት ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ ላይ `Build number` የሚለውን ሰባት ጊዜ በመንካት `Developer options` መክፈት ይገባል። ሁለቱ ቦታዎች `Deuteranomaly` የሚለውን ስም ስለሚጋሩ በቀላሉ ይምታታሉ።

በ`Simulate color space` ውስጥ ያለው `Monochromacy` ስክሪኑን ግራጫ ያደርገዋል፤ ይህም ለፈጣን ፍተሻ ጠቃሚ ነው። በግራጫ ሁለቱ ቲማቲሞች ከተለያዩ ስለ ድምቀቱ መጨነቅ አያስፈልግም። በግራጫ አንድ መሆናቸው ግን ሁልጊዜ ስህተት አለ ማለት አይደለም፤ እኩል የደመቁ ሰማያዊና ቢጫ በግራጫ ይመሳሰላሉ፣ ቀይና አረንጓዴ የሚምታታበት ሰው ግን ይለያቸዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጌሙን ለራሱ ለልጁ ሰጥቶ ዝም ብሎ ማየትን የሚተካ ፍተሻ አላገኘሁም።

አምስተኛው ስህተት፦ ሴቲንጉን መደበቅ

የቀለም ምርጫው ከመጀመሪያው ዙር በፊት መገኘት አለበት። የእኛው ከሁለተኛው ዙር በኋላ የሚከፈት ምናሌ ውስጥ ነበር፤ ልጁ ደግሞ የወደቀው በመጀመሪያው ነው። አንድ ስልክ ሦስት ወንድማማቾች በሚፈራረቁበት ቤት ውስጥ ምርጫው ከተጫዋቹ ስም ጋር ቢቀመጥ፣ አንዱ የለወጠው የሌላውን አያበላሽም።

የተስተካከለውን ጌም ልጁ ሲሞክረው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ያለ ችግር አለፈ። አራተኛው ላይ ቆመ። እዚያ ዙር ላይ ጓደኛዬ ግማሽ ነጥብ የሚያሰጥ፣ ገና እየቀላ ያለ ብርቱካናማ ቲማቲም ጨምሮ ነበር፤ ድምቀቱም ከሁለቱ መካከል ስለነበረ ልጁ አንዴ ከበሰለው፣ አንዴ ከጥሬው ጋር ይቀላቅለዋል። ብርቱካናማውን እያፈካንና እያጠቆርን ብዙ ሞከርን፤ ከአንዱ ባራቅነው ቁጥር ወደ ሌላው ተጠጋ። በመጨረሻ ቀለሙን ትተን በቲማቲሙ ወገብ ላይ ሁለት ወፍራም ነጭ መስመር አደረግንበት፤ ልጁም ምንም ሳንነግረው መስመር ያለውን ለይቶ መልቀም ጀመረ።