«በወር ስንት?» ብቻ ብሎ መበደር፦ የመክፈያ ጊዜ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ክፍሎቹን ለማደስ 500,000 ብር ሊበደር ነው እንበል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ሆኖ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰባል፤ ክፍያው በየወሩ እኩል ነው። በ3 ዓመት ልጨርስ ካለ በወር 18,076 ብር ገደማ ይደርስበታል፣ በ5 ዓመት ከሆነ ደግሞ 12,697። የወር ክፍያው በ5,380 ብር ያህል ቀለለ ማለት ነው፤ ብዙው ሰው እዚህ ላይ ይፈርማል።

ዋናው ስህተት ይኸው ነው፤ ጠቅላላ ወለዱን ሳይጠይቁ መፈረም። በ3 ዓመት የሚከፈለው ወለድ 150,700 ብር አካባቢ ነው፣ በ5 ዓመት ግን 261,800 ይደርሳል። የመጀመሪያው ወር ወለድ በሁለቱም 7,500 ብር ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በሚተርፈው ነው፦ በአጭሩ ውል 10,576 ብር ከዋናው ዕዳ ይቀነሳል፣ በረጅሙ 5,197 ብቻ። ዋናው ዝግ ብሎ ሲወርድ የቀጣዩ ወር ወለድም ዝግ ብሎ ይወርዳል። የ5 ዓመቱ ተበዳሪ 2 ዓመት ሙሉ ከፍሎ ሲያበቃ ገና 351,000 ብር ያህል ይቀርበታል። እስከዚያ የከፈለው ወለድ ደግሞ የ3 ዓመቱ ተበዳሪ እስከ መጨረሻው ከሚከፍለው በልጧል! ያን ጊዜ «ባንኩ በላኝ» ማለት ምን ይጠቅማል? የክፍያ ሰንጠረዡን ከፊርማው በፊት መጠየቅ ነበር እንጂ።

«እንግዲያው 7 ዓመት ይሁንልኝ» የሚልም አይጠፋም። ከ5 ወደ 7 ዓመት ሲሄድ የወር ክፍያው የሚቀንሰው 2,190 ብር ቢሆን ነው፤ ወለዱ ግን በ121,000 ብር ገደማ ይጨምራል። ጊዜው በረዘመ ቁጥር እፎይታው እየሳሳ ይሄዳል።

በተቃራኒው፣ የጥምቀትን ገቢ አይቶ አጭሩን ውል መያዝም ያስቸግራል። ጥር ላይ ክፍል አይገኝም፤ ክረምት ላይ ግን አልጋው ባዶ ነው። መለኪያው የሐምሌና የነሐሴ ገቢ ይሁን። ያ ገቢ 18,000ውን ካልቻለ፣ 5 ዓመቱን ይዞ ሲገኝ ጨምሮ መክፈል ይሻላል። በአማካይ በወር 15,000 ብር የከፈለ ሰው በ47ኛው ወር ይጨርሳል፣ ከወለዱም 63,000 ብር ያህል ያተርፋል። ይህ የሚሠራው ግን ትርፉ ክፍያ ከዋናው ዕዳ ላይ ሲቀነስ ነው። ዝም ብሎ ሒሳብ ውስጥ ካስገቡት ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ተብሎ ሊያዝ ይችላል፤ ስለዚህ «ከዋናው ይቀነስልኝ» ብለው በጽሑፍ ያመልክቱ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት ይኖረው እንደሆነም ውሉ ላይ አስቀድመው ይዩ።

18 በመቶ ሲባል በምን ላይ እንደሆነ አለመጠየቅም አለ። በመጀመሪያው 500,000 ላይ ሳይቀንስ የሚታሰብ ከሆነ የ5 ዓመቱ ወለድ 450,000 ብር ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ ሰንጠረዡ ላይ የሁለተኛው ወር ወለድ ከመጀመሪያው ካላነሰ፣ ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ አይደለም።