በማኅተም ያተምነው ቀለም ሲለቅ ምን አደረግኩ?

ሰበታ ያተምናቸው የጠረጴዛ ልብሶች ሲታጠቡ፣ በስክሪን፣ ማለትም በተወጠረ ወንፊት፣ የታተመው ትንሽ ደበዘዘ። በእንጨት ማኅተም የታተመው ግን ተቀርፎ ወጣ። ቀለሙ አንድ ነው፤ በውሃ የሚቀጥን የጨርቅ ቀለም።

አዲሱ አቡጀዲ ላይ የውሃ ጠብታ ጣል አደረግኩ። ሳይሰርግ ቁጭ አለ። ከፋብሪካ የመጣው ስታርች ክሩን ሸፍኖታል ማለት ነው። በስክሪን ሲታተም የጎማው መግፊያ ቀለሙን በወንፊቱ አሳልፎ ክሩ ውስጥ ያስገባዋል። ማኅተም ግን ከላይ አስቀምጦት ይነሳል፤ ጠርዙም ላይ ይወፍራል።

አሁን ጨርቁን አስቀድሜ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባለሁ፤ ማለስለሻ አልጨምርም። ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ዝግጁ ነው። ማኅተሙን በስፖንጅ ስስ አድርጌ እቀባለሁ፤ ከጨርቁ ስር ብርድ ልብስ ስለማነጥፍ እኩል ያርፋል። ፊደል ካለበት ማኅተሙ ላይ ተገልብጦ መቀረጽ አለበት፤ ስክሪን ይህን አይፈልግም።

ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ ካውያ አላስነካም። ክረምት ላይ ታገሱ፤ እርጥበት ካለ ሙቀቱ ውሃውን ሲያተን ይባክናል። ከዚያ ለጥጥ በሚሆን ሙቀት፣ ያለ እንፋሎት፣ ከጀርባ በኩል እያንዳንዱን ቦታ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ እተኩሳለሁ፤ እንዳያቃጥል ካውያውን አንቀሳቅሳለሁ። በረጠበ ነጭ ጨርቅ ሳሸው ነጩ ጨርቅ ቀለም ከያዘ፣ እንደገና እተኩሰዋለሁ።