ሱቅ ላይ በስልክ ክፍያ ስንቀበል የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት የደንበኛውን ስልክ አይቶ ማመን ነው። «ይኸው ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪንሹት ያሳይሃል። ስምህ አለ፣ ብሩ አለ፣ አረንጓዴ ምልክቱም አለ። ግን ያ ፎቶ ነው፤ ሊስተካከል ይችላል፣ ወይም ባለፈው ወር በትክክል የከፈለህን ራሱን መልሶ እያሳየህ ይሆናል። የንግድ ባንክ ከሆነ የክፍያውን መለያ ቁጥር እየው። በFT ይጀምራል፣ ቀጥሎ ያሉት ሁለት አሃዞች የፈረንጆቹ ዓመት ናቸው፣ ከዚያ ያሉት ሦስቱ ደግሞ ዓመቱ ከገባ ስንተኛው ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። FT25045 ካለ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ቀኑ የቆየ ከሆነ ክፍያው የዛሬ አይደለም። ቀኑ የዛሬ ቢሆንም ግን ገብቷል ማለት አይደለም፣ ቁጥሩንም መቀየር ይቻላል።

ሁለተኛው ወደ ራስህ ስልክ የመጣን ሜሴጅ ሳያነቡ ማመን ነው። እኔ የተበላሁት በዚህ ነው። ማታ ሱቁ በሰው ተጨናንቋል፣ አንዱ ዘይት፣ ስኳርና ዳይፐር ወሰደ፣ 2,400 ብር። ስልኬ ጮኸ፣ «Credited with ETB 2,400.00» የሚለውን አየሁና ዕቃውን ሰጠሁት። ሱቅ ዘግቼ ሒሳብ ስሠራ ነው የገባኝ። ከዚያ በፊት በመጣው ሜሴጅ ላይ ቀሪዬ 7,310 ብር ነበር፤ 2,400 ሲደመርበት 9,710 መሆን አለበት። ይሄኛው ግን 18,650 ይላል። አጭበርባሪው ቀሪ ሒሳቤን ከየት ያውቃል? ደግሞም የባንኩ ሜሴጆች ሁልጊዜ ከሚመጡበት ስም ስር አልነበረም፣ ከአንድ ተራ የሞባይል ቁጥር ነው የተላከው። የቴሌብር ከሆነ ከ127 ነው የሚመጣው። ላኪውን ማየት ጥሩ ነው፣ ዋናው ግን ቀሪ ሒሳቡ ነው። አፑን ክፈት፣ ኢንተርኔት ከሌለ ለንግድ ባንክ *889#፣ ለቴሌብር *127# ደውለህ ቀሪህን እይ።

«ኔትወርክ ነው፣ ይገባል» የሚለውም አለ። እውነት ይሆናል አንዳንዴ፣ ብሩ ገብቶ ሜሴጁ ይዘገያል። ስለዚህ ደንበኛውን ሌባ አታድርገው፤ ቀሪህን አይተህ ካልገባ ዕቃውን ለብቻው አስቀምጠህ «ሲገባ ና ውሰድ» በለው። የሰፈር ሰው ከሆነ አይከፋውም።

ሌላው ሱቁን ለልጅ ትቶ ስልኩን ይዞ መሄድ ነው። ልጁ በምን ያጣራ? ወይ ጥሬ ብር ብቻ ይቀበል፣ ወይ ደውሎ «ጋሼ 600 ብር ገባ?» ብሎ ይጠይቅህ፣ አንተም ቀሪህን አይተህ «ገብቷል፣ ስጠው» እስክትለው ድረስ ዕቃው ከባንኮኒው አይውጣ። ፒንህን ግን አትስጠው።

«በስህተት ላንተ ልኬ ነው፣ መልስልኝ» ብሎ የሚደውል ካለም ያው ነው፣ መጀመሪያ ቀሪህ መጨመሩን እይ። በእርግጥ ከገባም አንተ ራስህ አትላክ፣ ደዋዩ በባንኩ በኩል ያስመልስ።