የአሠራር መመሪያን ወደ ምልክት ማድረጊያ ቅጽ ስትቀይሩ

ፒያሳ አካባቢ ዳቦ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መመሪያ እንዲህ ይላል እንበል፦ «የሊጥ ማቡኪያው ከመጽዳቱ በፊት ኃይል መቋረጡ ተረጋግጦ፣ እንደአስፈላጊነቱ ይታጠባል።» ይህን እንዳለ ገልብጣችሁ ፊቱ ሳጥን ብታስቀምጡለት ዋጋ የለውም። አንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት ሥራ ታጭቋል።

መጀመሪያ ግሶቹን አስምሩባቸው። ለእያንዳንዱ ድርጊት አንድ ሳጥን ስጡ። «መረጋገጥ» የሚለውን ደግሞ በዓይን ወደሚታይ ነገር ቀይሩት፦

☐ ብሬከሩን አጥፍቼ ቆልፌያለሁ፤ ቁልፉ ኪሴ ነው
☐ ማስጀመሪያውን ተጫንኩ፤ ማሽኑ አልተነሳም
☐ ገንዳው ላይ ሊጥ አልቀረም

ሁለተኛዋን እንዳትዘሏት። የተሳሳተ ብሬከር መጥፋቱ የሚታወቀው በእሷ ነው።

«እንደአስፈላጊነቱ» ግን ሳጥን ውስጥ አይገባም። መቼ እንደሚታጠብ ማሽኑ ላይ የሚሠራውን ሰው ጠይቁትና ከኃላፊው ጋር ወስኑ፤ ለምሳሌ «በፈረቃው መጨረሻ»። የሚረጋገጠው ነገር ሙቀት ወይም ክብደት ከሆነ ሳጥኑን ተዉትና ቁጥር የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አድርጉ። ምልክት ለማድረግ ማሽኑን ማየት አያስፈልግማ!

ከሳምንት በኋላ የተሞሉትን ቅጾች ተመልከቱ። ምልክቶቹ በአንድ ትንፋሽ የተሠመሩ ከመሰሉ ቅጹ የሚሞላው ሻይ ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ወረቀቱን ከቢሮ አውጥታችሁ ብሬከሩ አጠገብ ስቀሉት።