ከሶላር የሚተርፈውን ኃይል ለሙቅ ውሃ ማዋል፦ ሬዚስታንስ ወይስ ሶላር ውሃ ማሞቂያ?

ባትሪ ያለው የሶላር መብራት የዘረጋ ሰው ሙቅ ውሃ ሲያስፈልገው ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ፣ ባትሪው ከሞላ በኋላ የሚተርፈውን ኃይል ቦይለር ውስጥ ባለ ሬዚስታንስ መጠቀም ነው። ሌላው ውሃውን በቀጥታ በፀሐይ የሚያሞቅ ሶላር ውሃ ማሞቂያ መትከል ነው። ምርጫውን የሚወስነው ቀን ላይ በትክክል ምን ያህል ኃይል እንደሚተርፍ ስለሆነ ሥራው የሚጀመረው እሱን ከመለካት ነው።

1. ትርፉን ይለኩ

የኢንቨርተሩን መዝገብ ብቻ ማየት ያሳስታል። ባትሪው ሲሞላ ቻርጀሩ ራሱ ከፓነሉ የሚወስደውን ስለሚቀንስ፣ ፀሐዩ አናት ላይ ሳለ ምርቱ 300 ዋት ብቻ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ባትሪው ሞልቶ ሳለ 1000 ዋት ገደማ የሚወስድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ካውያ፣ ይሰኩና የፓነሉን ምርት ይመልከቱ። ምርቱ በዚያው ልክ ከጨመረና ባትሪው ካልጎደለ ኃይሉ ቀድሞም ነበረ፤ ሲባክን ነው የኖረው። ሙከራውን ደመና ባለበት ቀንም ይድገሙት።

2. የሚያስፈልገውን ያስሉ

```
ሊትር × የሚጨምረው ዲግሪ × 1.163 = ዋት ሰዓት
```

150 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 150 × 40 × 1.163፣ ማለትም 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከ4 ሰዓት ጠዋት እስከ 9 ሰዓት ከሰዓት በአማካይ 1.2 ኪሎዋት የሚተርፍ ከሆነ በቀን 6 ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል። ያ ውሃውን ወደ 54 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ለመታጠቢያ ይበቃል።

3. ሬዚስታንሱን ከትርፉ ጋር ያመጣጥኑ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቦይለሩ የመጣበት ሬዚስታንስ 3 ኪሎዋት ከሆነና ትርፉ 1.2 ከሆነ፣ ቀሪውን 1.8 ኪሎዋት ከባትሪው ይጎትታል። ባትሪው ወዲያው ይወርዳል፣ በባትሪው መጠን የሚያበራና የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ ሬዚስታንሱን ያጠፋዋል፣ ባትሪው እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይበራል። ለዚህ ቤት 1 ኪሎዋት ሬዚስታንስ ይሻላል፤ በአምስት ሰዓት 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጥና ውሃውን 49 ዲግሪ ገደማ ያደርሰዋል። ሬዚስታንሱ ከቦይለሩ ግርጌ ይግባ፤ ከመሐል ከገባ ከበታቹ ያለው ውሃ ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል።

4. መቆጣጠሪያውን ያስተካክሉ

ባትሪው 95 በመቶ ሲደርስ እንዲበራ፣ ወደ 90 ሲወርድ እንዲጠፋ ያድርጉ። ሁለቱን ቁጥሮች ማቀራረብ አያዋጣም፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ሲበራ ሲጠፋ ማብሪያው ይቃጠላል። የቦይለሩን ቴርሞስታት 60 ላይ ያድርጉት። መስመሩ ለብቻው ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ 30 ሚሊአምፔር መከላከያና የምድር ሽቦ ይኑረው። ውሃ ሳይሞላ ማብራት ሬዚስታንሱን ወዲያው ያቃጥለዋል። ሴፍቲ ቫልቩን ደግሞ በምንም ምክንያት አይድፈኑት።

ኢንቨርተሩን ዘሎ ፓነሉን በቀጥታ ከሬዚስታንሱ ጋር ማገናኘት ርካሽ ይመስላል፤ አደገኛ ነው። የቦይለር ቴርሞስታት የተሠራው ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው። በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ቴርሞስታቱ ሲለያይ የሚፈጠረው ብልጭታ ይጠፋል። ከፓነል የሚመጣው ግን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ብልጭታው አይቋረጥም። የሚነካኩት ብረቶች ቀልጠው ይጣበቃሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚያጠፋው የለም፣ ውሃው እስኪፈላ ይሞቃል።

5. ትርፍ ከሌለስ?

ያኔ ለሙቅ ውሃ ብለው ፓነል አይጨምሩ። በአንድ ካሬ ሜትር 5 ኪሎዋት ሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት ቀን፣ ግማሹን ወደ ሙቀት የሚቀይር 2 ካሬ ሜትር ሶላር ውሃ ማሞቂያ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ያንኑ ከመብራት ፓነል ለማግኘት 6 ካሬ ሜትር ገደማ ጣሪያ ይሄዳል። ትርፉ አስቀድሞ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሽቦ መዘርጋት ጣሪያ ላይ ቧንቧ ከመዘርጋት ይቀላል፣ የሚያፈስም ሆነ በብርድ የሚፈነዳ ነገር አይኖርም።

ሶላር ውሃ ማሞቂያውን ከመረጡና ፓምፕ የሌለው ከሆነ፣ የታንከሩ ግርጌ ፀሐይ ከሚቀበለው ሰሌዳ የላይኛው ጫፍ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ዝቅ ካለ ሌሊት ሰሌዳው ውስጥ የቀዘቀዘው ውሃ ከብዶ ወደ ታች ይወርድና ሙቁን ከታንከሩ ወደ ሰሌዳው ይስበዋል። ማታ ሙቅ የነበረው ውሃ ማንም ሳይነካው ጠዋት ለብ ብሎ ከተገኘ፣ ሌሊት ላይ ከሰሌዳው ጫፍ የሚወጣውን ቧንቧ በእጅ ይንኩት፤ ከሞቀ ውሃው ወደ ኋላ እየዞረ ነው።