ኮምቦው ለምን አልሞት አለ? የካርድ ጨዋታ ሲመጣጠን የሚሠሩ ስህተቶች

ደክ፣ ማለትም የራስን የካርድ ክምር፣ እየገነቡ በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ ሁለት ካርዶች አሉ እንበል። «አንጥረኛ» እና «ነጋዴ»። ሁለቱም በ3 ሳንቲም ይገዛሉ። ለየብቻቸው ምንም አይሉም። አንድ እጅ ላይ ሲገናኙ ግን ኮምቦ ይሆናሉ፤ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ተጫዋች እነሱን ብቻ ይገዛል።

ዋጋውን በ1 ሳንቲም መጨመር

የመጀመሪያው ሐሳብ አንጥረኛን 4 ማድረግ ነው። ምንም አይለውጥም። ተጫዋቹ ዶሚኒየን በተባለው የካርድ ጨዋታ እንደሚደረገው በ10 ካርድ ይጀምራል እንበል፤ 7ቱ የአንድ አንድ ሳንቲም፣ 3ቱ ባዶ። 5፣ 5 ካርድ ሲስብ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ተራዎች የሚያገኘው 4 እና 3 ነው፣ አለበለዚያ 5 እና 2። ከ6 ጨዋታ በ5ቱ 4 እና 3 ይደርሰዋል። ስለዚህ ዋጋቸው 3 እና 3 ቢሆንም፣ 4 እና 3 ቢሆንም ሁለቱንም እኩል ዕድል ይዞ ይገዛቸዋል። ልዩነቱ የሚመጣው 5 ላይ ነው፤ ያኔ በሁለት ተራ ሁለቱን መግዛት አይቻልም።

የሚጎዳውን ካርድ ብቻ ማዳከም

ዓይን ውስጥ የሚገባው፣ እንደ ነጋዴ ያለ ነጥብ የሚያዘንበው ካርድ ስለሆነ መቀስ የሚነሳው እሱ ላይ ነው። ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ጥግ የቆመው፣ ደካማ ካርዶችን ከደኩ የሚያስወግደው ርካሽ ካርድ ነው።

ስሌቱ ይኸው። ደኩ 12 ካርድ ሲሆን አንጥረኛና ነጋዴ በአንድ እጅ የመገናኘት ዕድላቸው 15 በመቶ ገደማ ነው። ተጫዋቹ 6 ደካማ ካርዶችን ቢያስወግድና ደኩ 6 ቢቀር ዕድሉ 67 በመቶ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ የነጋዴን ጉልበት በግማሽ ብትቀንሱት እንኳ ቶሎ ቶሎ እየመጣ ያንኑ ይሠራል። ማስወገጃው በአንድ ጊዜ አራት ካርድ የሚያወጣ ከሆነ አንድ ብቻ ያውጣ። ደኩ እስኪያንስ ጊዜ ይወስድበታል፤ ሌላው ተጫዋችም በዚያ መሃል ይተነፍሳል።

ማርከሻ ካርድ መጨመር

ኮምቦውን ብቻ የሚያከሽፍ ካርድ ኮምቦው በሌለበት ጨዋታ ጥቅም የለውም። ማንም አይገዛውም። ገበያው ላይ ሳይወጣ ከቀረማ ችግሩ እንዳለ ነው።

ሁለቱም ኮምቦውን የያዙበትን ጨዋታ መቁጠር

ይሄኛው በጣም ያታልላል። ሁለቱም ተጫዋቾች ኮምቦውን ከገዙ አንዱ ማሸነፉ፣ አንዱ መሸነፉ አይቀርም። ውጤቱ ሲደመር 50 በመቶ ይመጣና «ተመጣጥኗል» ይባላል። መቆጠር ያለበት አንዱ ብቻ የያዘበት ነው። ሲሞክሩ አንዱን ተጫዋች ኮምቦውን እንዳይነካ ከልክሉት፣ ሌላውን ግዛ በሉት፤ ቀጥሎ ቦታ ይቀያየሩ። የተከለከለው ጎበዝ ሆኖም ደጋግሞ ከተሸነፈ ወደ ማስወገጃው ካርድ ተመለሱ።